ሆቴሉ በሚሞላበት ሰሞን ቅናሽ ለምን? ከ11ኛ ክፍል የንግድ ደብዳቤ ትምህርት

በዚህ ዓመት ሁለተኛ መንፈቅ የ11ኛ ክፍል የአማርኛ መምህርታችን በወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ክፍሉን ለስድስት ሳምንት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የደረስንበት ርእስ የንግድ ደብዳቤ ነበር። በመጽሐፉ ያለውን ምሳሌ ትቼ ለተማሪዎቹ ይህን ሰጠኋቸው፤ ጎንደር ያለ የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ እዚህ ናይሮቢ ለሚሠራ አስጎብኚ ድርጅት ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለጥምቀት ሰሞን ለቡድን እንግዶች በቅናሽ ዋጋ ክፍል ያቀርባል። ሆቴሉም ድርጅቱም ለትምህርቱ ብለን ያሰብናቸው ናቸው፤ ስለዚህ ስም አልሰጠናቸውም።

ርእሱን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ከማኅበረሰባችን ወደ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ለጥምቀት ጎንደር ሄደን ነበር። ክፍል የተያዘልን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ጨዋ፣ ሰላምታው ረጅም ነበር። በጥምቀት ዕለት ጠዋት፣ ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ፣ እኛ ግን ሻንጣችንን ይዘን እንግዳ መቀበያው ላይ ቆመን ነበር። ክፍላችን ለሌላ ተይዞ ነበር፤ በደብዳቤው መሠረት የመልቀቂያ ቀናችን ያ ዕለት ነው። አንዲት የሰባ ዓመት እናት ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው «ልጄ፣ ታቦቱ ሳይገባ ወዴት ነው የምንሄደው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ስሕተቱ የት እንደነበረ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ ደብዳቤውን አንብቤ የተስማማሁት ሰው እኔ ስለሆንኩ ግማሹ የእኔ ነው።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ከመጀመሪያው ረቂቅ 23 ወረቀት ሰበሰብኩ። አብዛኞቹ የጀመሩት «…በትሕትና እጠይቃለሁ» ወይም «ድርጅትዎ እንዲተባበረን በአክብሮት እናመለክታለን» ብለው ነው። ልጆቹን አልወቅስም። እኛ አማርኛ ደብዳቤ ስናስተምር የምናስተምረው ማመልከቻ ነው፤ ፈቃድ ለመጠየቅ፣ ማስረጃ ለማውጣት፣ ይቅርታ ለመለመን። በማመልከቻ ጸሐፊው ከታች፣ አንባቢው ከላይ ነው። የዋጋ ማቅረቢያ ደብዳቤ ግን ሁለት ነጋዴዎች ጎን ለጎን ቆመው የሚነጋገሩበት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሊለምን አይገባውም፤ የሚሰጠው ነገር አለው፣ በምላሹም የሚፈልገው ነገር አለው። ደብዳቤው እነዚህን ሁለቱንም በግልጽ መናገር አለበት።

ይህን ስናገር ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ በጥምቀት ሆቴሉ ያለ ቅናሽም የሚሞላ ከሆነ ለምን ይቀንሳል?» አለችኝ። የዚያን ቀን የያዝኩትን ማስታወሻ ዘግቼ ጠመኔ አነሳሁ፤ ምክንያቱም ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤውን ባይጽፈው ይሻለዋል።

ሆቴላችን 50 ክፍል አለው እንበል። በጥምቀት ሰሞን የአንድ ክፍል ዋጋ ቁርስን፣ ታክስንና አገልግሎትን ጨምሮ በሌሊት 80 ዶላር ነው። ያለፉት ዓመታት የእንግዳ መዝገብ የሚያሳየው እንዲህ ነው፤ ጥር 8 ሌሊት 20 ክፍል ብቻ ይያዛል፣ ጥር 9 ሌሊት 35 ክፍል፣ የከተራው ሌሊት ጥር 10 እና የጥምቀቱ ሌሊት ጥር 11 ሁሉም 50 ክፍል ይሞላል፣ ጥር 12 ደግሞ ወደ 20 ይወርዳል። ሰው ይመጣል፣ በዓሉን ያያል፣ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁ «ሰሞኑ ሞልቷል» ሲል የሚሞሉት በእርግጥ ሁለት ሌሊቶች ናቸው።

አሁን አስጎብኚው 20 ክፍል የሚይዝ ቡድን ያመጣል፤ ሆቴሉም 20 በመቶ ቀንሶ በ64 ዶላር ይሰጠዋል። ቡድኑ እንደ ማንኛውም እንግዳ ከጥር 9 ጀምሮ ሦስት ሌሊት ብቻ ቢያድር፣ ሃያ ክፍል በሦስት ሌሊት በ64 ዶላር 3,840 ዶላር ይሆናል። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የሌሎችን ቦታ ይዘዋል። በከተራና በጥምቀት ሌሊት ሃያ ሃያ ክፍል በ80 ዶላር የሚከፍል ሰው ነበረ። ጥር 9 ደግሞ ባዶ የነበረው 15 ክፍል ስለሆነ አምስት እንግዳ ይመለሳል። በድምሩ 45 የክፍል ሌሊት በሙሉ ዋጋ ቀረ ማለት ነው፤ ይህ 3,600 ዶላር ነው። ልዩነቱ 240 ዶላር ብቻ ሆነ። ባዶ ይቀሩ የነበሩትን 15 የክፍል ሌሊቶች ለማጽዳት፣ ለአንሶላ አጠባና ለቁርስ ለእያንዳንዱ 12 ዶላር ቢወጣ 180 ዶላር ይሄዳል። የቀረው 60 ዶላር ነው። ለ60 ዶላር ብሎ ሃያ ክፍል ለአንድ ሰው ማስረከብ ድካም ብቻ ነው።

ያው ቡድን ግን ጥር 8 ገብቶ ጥር 13 ቢወጣ፣ አምስት ሌሊት ቢያድር? በተመሳሳይ 64 ዶላር ገቢው 6,400 ይሆናል። ጥር 8 እና ጥር 12 ሌሊት ክፍሉ ባዶ ስለነበረ ማንም አይመለስም፤ የቀረው ሙሉ ዋጋ ያው 3,600 ነው። ለ55ቱ ተጨማሪ የክፍል ሌሊቶች 660 ዶላር ወጪ እንቀንስ። 2,140 ዶላር ይቀራል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ክፍሉ ዝም አለ፤ ጥያቄውን የጠየቀችው ልጅ «እንግዲያውስ ቅናሹ የጥምቀት አይደለም፣ የጎንና የጎኑ ሌሊት ነው» አለች። ከዚህ የተሻለ አድርጌ ልገልጸው አልችልም። የደብዳቤው ዋና ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፤ ዋጋው የሚቀነሰው አምስት ሌሊት ለሚያድር ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ቅናሹ ስጦታ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሰጠኋቸው። ይህ ሒሳብ የሚቆመው በመዝገቡ ላይ ነው። በመንገድ ወይም በበረራ ችግር እንግዳ በሚቀርበት ዓመት ከተራም ቢሆን ላይሞላ ይችላል፤ ያን ጊዜ «ይመለሳሉ» ያልናቸው 45 እንግዶች ከመጀመሪያውም አልመጡም፣ ቡድኑም ሆቴሉን ያዳነው እሱ ይሆናል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ የአንድ ዓመት መዝገብ ሳይሆን ቢያንስ የሦስት አራት ዓመት መዝገብ ጎን ለጎን አድርጎ ያያል።

ለአስጎብኚውስ አምስት ሌሊት ምን ይጠቅመዋል? ጥቅሙን ካላሳየነው ሁለቱን ሌሊት እንደ ቅጣት ያያቸዋል። ከበዓሉ በፊት የነገሥታቱን ግንብና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያለ ግፊያ ማየት ይቻላል፤ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ደባርቅ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች መግቢያ፣ በጠዋት ተነሥቶ መመለስ ይቻላል። አስጎብኚው እነዚህን ጉዞዎች ለእንግዶቹ ይሸጣል። ሆቴሉ ክፍል ሸጠ፣ አስጎብኚው የጉብኝት ቀን ሸጠ።

ከዚህ በኋላ ክፍሉ በጋራ የጻፈውና ሦስት ጊዜ ያረምነው ደብዳቤ ይህ ነው። በዓሉን የ2020 ዓ.ም. ጥምቀት ያደረግነው ሆን ብለን ነው፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ቀን፦ ግንቦት 10 ቀን 2019 ዓ.ም. (ሜይ 18 ቀን 2027)

ለአስጎብኚ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ናይሮቢ

ጉዳዩ፦ ለ2020 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን የቡድን ቅናሽ ዋጋ ስለማቅረብ

ድርጅትዎ በየዓመቱ ከናይሮቢ ወደ ጎንደር የጥምቀት ተጓዦችን እንደሚያመጣ እናውቃለን። ለ2020 ዓ.ም. በዓል ከ50 ክፍሎቻችን 20ውን ለድርጅትዎ ለይተን ለመያዝ ዝግጁ መሆናችንን በዚህ ደብዳቤ እንገልጻለን። ከሃያው 18ቱ ሁለት አልጋ ያላቸው፣ 2ቱ ባለ አንድ አልጋ ናቸው።

የመግቢያ ቀን ሰኞ ጥር 8 ቀን 2020 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 17 ቀን 2028)፣ የመውጫ ቀን ቅዳሜ ጥር 13 ቀን 2020 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 22 ቀን 2028) ነው፤ በጠቅላላው አምስት ሌሊት ይሆናል። ከተራ ረቡዕ ጃንዋሪ 19፣ ጥምቀት ሐሙስ ጃንዋሪ 20 መሆኑን ልብ ይሏል።

በዚህ ሰሞን መደበኛ ዋጋችን በአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት 80 ዶላር ነው። ድርጅትዎ ቢያንስ 15 ክፍል ለአምስቱም ሌሊት ከያዘ በአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት 64 ዶላር እናስከፍላለን። ይህ ዋጋ ቁርስን፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያንና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ፣ ኮሚሽን የማይቀነስበት የተጣራ ዋጋ ነው። ክፍሎቹ ከ15 ካነሱ ዋጋው 72 ዶላር ይሆናል። ለቡድን መሪ የሚሰጥ ነፃ ክፍል በዚህ ዋጋ ውስጥ የለም። በከተራ ዕለት ጋድ ለሚጾሙ እንግዶች በቁርስ ፈንታ ከሰዓት በኋላ የጾም ምግብ እናቀርባለን።

ስምምነትዎ እስከ መስከረም 20 ቀን 2020 ዓ.ም. (ኦክቶበር 1 ቀን 2027) ከጠቅላላው ዋጋ 30 በመቶ ጋር እንዲደርሰን እንፈልጋለን፤ ለሃያው ክፍል ይህ 1,920 ዶላር ነው። ያልተሸጡ ክፍሎችን እስከ ኅዳር 1 ቀን 2020 ዓ.ም. (ኖቬምበር 11 ቀን 2027) ያለ ቅጣት መመለስ ይችላሉ፤ የተመለሱት ክፍሎች ቅድሚያ ክፍያ ከቀሪው ሒሳብ ላይ ይታሰባል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚመለስ ክፍል ሙሉ ዋጋው ይከፈልበታል። ቀሪው ሒሳብና በየክፍሉ የሚያድሩት እንግዶች ስም ዝርዝር እስከ ታኅሣሥ 1 ቀን 2020 ዓ.ም. (ዲሴምበር 11 ቀን 2027) ይደርሰናል ብለን እንጠብቃለን።

ከበዓሉ በፊትና በኋላ ያሉት ቀናት ለግንቦቹና ለሰሜን ተራሮች ጉብኝት የሚመቹ ስለሆኑ ለእንግዶችዎ በጉዞው ውስጥ እንዲያካትቷቸው እንጋብዛለን። መልስዎን እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ

ደብዳቤው እዚህ ያበቃል። የአንዲት ተማሪያችን እናት እዚህ ናይሮቢ በጉዞ ሥራ ላይ ናቸው፤ ረቂቁን እንደ ተቀባይ ሆነው እንዲያነቡልን ጋበዝኳቸው። የሁለተኛውን ረቂቅ ወረቀት ይዘው ሰላምታውን ዘለሉት። «እኔ መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ነው፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉትን ቃላት ነው» አሉ። በዚያ ረቂቅ የተጻፈው «ዋጋው 64 ዶላር ብቻ ነው» የሚል ነበር። ወይዘሮዋ ጥያቄ አከታተሉ። ለክፍል ነው ለሰው? ቁርስ አለበት? ታክሱስ? እኔ ከዚህ ላይ ኮሚሽኔን እቀንሳለሁ ወይስ አልቀንስም?

የታክሱ ጥያቄ ቀላል መስሎ ስለታያቸው አስላን። 64 ዶላሩ ታክስና አገልግሎት ያልገባበት ቢሆን በመጀመሪያ 10 በመቶ አገልግሎት ሲጨመር 70.40 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 80.96 ዶላር ይደርሳል። ያለ ቅናሽ በሩ ላይ ለቆመ ሰው የሚሰጠው ሁሉን ያካተተ ዋጋ 80 ዶላር ነበር! ቅናሽ የተባለው ነገር ከሙሉ ዋጋው በለጠ። በሌላ በኩል አስጎብኚው 64ቱን ኮሚሽን የሚቀነስበት ዋጋ መስሎት 10 በመቶ ቢያስቀር፣ ሆቴሉ በመቶው የክፍል ሌሊት 640 ዶላር ያጣል። ሁለቱም ወገን ቅን ሆነው፣ አንድ ቃል ስለጎደለ ብቻ በክፍያ ቀን ይጣላሉ። «የተጣራ» እና «ያካተተ» የሚሉት ሁለት ቃላት እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የገቡት በወይዘሮዋ ጥያቄ ነው። «ብቻ» የምትለውን ቃል ደግሞ አወጣናት፤ ዋጋው ርካሽ መሆኑን አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ነፃ ክፍል ስለሌለ ለምን ይጻፋል ብለው የተከራከሩኝ ነበሩ። በቡድን ንግድ ለተወሰነ ቁጥር ከፋይ እንግዳ ለመሪው አንድ ቦታ በነፃ መስጠት የተለመደ ነው። ዝም ካልን አስጎብኚው አለ ብሎ ያስባል፤ መሪውም በከተራ ማታ ቁልፍ ሊጠይቅ ይመጣል። የማንሰጠውን ነገር አስቀድሞ መናገር ንፉግነት አይደለም።

አሁን ወደ ቀኑ፣ በ2012 ዓ.ም. ወደ ደረሰብን ነገር። ጥምቀት ምንጊዜም ጥር 11 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ከአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ይህ የሚሆነው ያለፈው ዓመት ጳጉሜ ስድስት ቀን ሲኖራት ነው፤ ያን ጊዜ አዲሱ ዓመት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋሉ፤ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 መጥታ እስክታስተካክላቸው ድረስ። 2011 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ነበራት። ስለዚህ የ2012 ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ዋለ። የሆቴሉ ደብዳቤ ግን ያለፈውን ዓመት ደብዳቤ ገልብጦ «ከጃንዋሪ 17 እስከ 20» ይል ነበር። በተለመደው ዓመት ቢሆን ጥር 9 ገብተን ጥር 12 እንወጣ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጥር 8 ገባን፤ የመውጫችን ጠዋትም ጥምቀት ሆነ። የፈረንጁ ቀን ብቻ ስለተጻፈ ማናችንም አላየነውም፤ ጥር 11 የሚል ቃል አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ከሠላሳው አንዱ እንኳ ያየው ነበር። 2019 ዓ.ም. ደግሞ ጳጉሜ 6 ያላት ስለሆነች፣ በ2020 ዓ.ም. ያው ነገር ይመለሳል። በደብዳቤው ሁሉም ቀን በሁለት አቆጣጠር የተጻፈው፣ የሳምንቱም ቀን የተጨመረው ለዚህ ነው። ሰኞ የተባለው ጃንዋሪ 17 በመቁጠሪያው ላይ ሰኞ ካልሆነ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል ማለት ነው፤ ሦስቱም ከተስማሙ እንቅልፍ ይዞ ማደር ይቻላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንዶቻችሁ ጃንዋሪን «ጥር» ብላችሁ ተርጉማችኋል። አትተርጉሙት። ጃንዋሪ 20 እና ጥር 20 በመካከላቸው ከሳምንት በላይ አለ። ቀንን በቁጥር ብቻ፣ 11/5 ብሎ መጻፍም እንዲሁ ነው፤ ጎንደር ያለው ጥር 11 ይለዋል፣ ናይሮቢ ያለው ሜይ 11 ይለዋል። የሰዓቱ ነገር ደግሞ እዚህ ለምንኖር ያስቃል። ስዋሂሊም እንደ እኛ ሰዓትን ከንጋት ስለሚቆጥር ከቀኑ 8 ሰዓት ሲባል ጎረቤታችን ይገባዋል፤ የእሱ ቢሮ ግን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ደብዳቤው የመግቢያ ሰዓት ቢኖረው «ከቀኑ በ8 ሰዓት» ብሎ ማቆም አይበቃም ነበር፤ እኛ ሰዓቱን ለስም ዝርዝሩ ደብዳቤ አቆየነው።

የኅዳር 1 ነገር ረጅም ክርክር አስነሣ። አንድ ተማሪ «ሰው ካልገዛ አስጎብኚው ምን ያድርግ? እስከ ጥር ይመልስ» አለ። ልጁ ልበ ቅን ነው። ግን ስምንት ክፍል ጥር 5 ቢመለስ ሆቴሉ ለማን ይሸጠዋል? ለጥምቀት የሚመጣ ሰው ክፍሉን የያዘው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬቱንም ቆርጧል። በጥቅምት ስልክ ደውሎ «ሞልቷል» የተባለ ሰው ሌላ ሆቴል ሄዷል፣ ተመልሶ አይመጣም። ሆቴሉ ለአስጎብኚው ክፍል ሲይዝ በዝምታ ሌሎችን እየመለሰ ነው። የመመለሻው ቀን የሚቀመጠው እነዚያ ሌሎች ገና በመፈለግ ላይ ሳሉ ነው። ከበዓሉ ሰባ ቀን በፊት አደረግነው። ለአስጎብኚውም ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ስንት ሰው እንደተመዘገበ ለማወቅ የሚበቃ ጊዜ ነው።

15 ክፍል የሚለው ዝቅተኛ ቁጥርም ከዚህ ጋር ይሄዳል። አስጎብኚው ሃያ ይዞ፣ በኅዳር አሥራ ሁለቱን መልሶ፣ ስምንቱን በ64 ዶላር ይዤ ልቅር ቢል፣ ሆቴሉ ለትንሽ ቡድን የትልቅ ቡድን ዋጋ ሰጠ ማለት ነው። 72 ዶላሩ ይህን በር ይዘጋል፤ ግን ወደ 80 አይመልሰውም፣ ምክንያቱም ስምንት ክፍልም ቢሆን የጎኖቹን ሌሊቶች ይሞላል።

በቀጣዩ ሳምንት የክፍሉ ግማሽ አስጎብኚ ሆኖ መልስ ጻፈ። መልሳቸው ብልህ ነበር። እንግዶቻቸው ቅዳሜ ሥራና ትምህርት እንዳላቸው ገልጸው በአራት ሌሊት፣ ከጥር 8 እስከ ጥር 12፣ በዚያው 64 ዶላር እንዲሆን፣ የመመለሻው ቀንም ወደ ኅዳር 20 እንዲገፋ ጠየቁ። የሆቴሉ ወገን ወደ ሰሌዳው ሄዶ አሰላ። አራት ሌሊት በ64 ዶላር 5,120 ነው፤ 3,600ውና የ35ቱ ተጨማሪ የክፍል ሌሊቶች 420 ዶላር ወጪ ሲቀነስ 1,100 ይቀራል። ከ2,140 ወደ 1,100 ወረደ። በ72 ዶላር ግን አራቱ ሌሊት 5,760 ያመጣሉ፣ የሚቀረውም 1,740 ይሆናል።

ስለዚህ የሆቴሉ ወገን በሁለተኛው ደብዳቤው ለአራት ሌሊት 72 ዶላር አቀረበ፤ አምስቱን ሌሊት ለሚያድሩ ክፍሎች ደግሞ 64ቱን እንዳለ አቆየው። ቡድኑ በሁለት ተከፍሎ ግማሹ ዓርብ፣ ግማሹ ቅዳሜ እንዲወጣ ተፈቀደለት። የኅዳር 1 ቀን ግን አልተነካም። አስጎብኚዎቹ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተንሾካሹከው፣ አንዱ ተነሥቶ «ተስማምተናል፣ ነገር ግን የመውጫው ቀን ጥር 12 (ጃንዋሪ 21) ተብሎ ዓርብ የሚለው ይጨመርበት» አለ። ወረቀቱን ወስጄ አየሁት፤ በእርግጥም የሳምንቱን ቀን ዘለውት ነበር።